ያምታታው ስሙ ሳይሆን ግሱ ነው

ጥያቄ፦ ፕሮኪዩርመንት ውስጥ ነው የምሰራው። አለቃዬ "ኢሜይሎችሽ አማርኛና እንግሊዝኛ እየተደባለቁ ግራ ያጋባሉ፣ ወይ በአንዱ ጻፊ ወይ ደውዪ" አለችኝ። ግን ቢሮ ውስጥ ሁላችንም እንደዛው ነው የምናወራው እኮ። ይሄን ለስቶር፣ ለፋይናንስና ለራሳችን ክፍል ልኬ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ሰው ምንም አላደረገም። ችግሩ ምኑ ላይ ነው? እህታችሁን አስረዱኝ። (እንግሊዝኛውንም በፊደላችን ገልብጬዋለሁ።)

"ሃይ ኦል፣ አዝ ፐር አወር ዲስከሽን የቬንደሩ ኢንቮይስ ፋይናንስ ሪቪው አድርጎ አፕሩቭ ስላልተደረገ ፔይመንቱ ሪሊዝ ከመደረጉ በፊት ዴሊቨሪ ኖቱ አታች ተደርጎ እስከ 5/3 ባይ 10 ሰብሚት ይደረግ፣ አዘርዋይዝ የዚህ ኳርተር ሚስ ያደርጋል። ፕሊዝ ዱ ዘ ኒድፉል። ታንክስ።"

ምላሽ፦

እህቴ፣ አለቃሽ ግማሽ እውነት አላት። ኢሜይሉ ያምታታል፣ ያምታታው ግን ቋንቋ ስለተቀላቀለበት አይደለም። "ኢንቮይስ"፣ "ቬንደር"፣ "ዴሊቨሪ ኖት" ያልሽው ማንንም አላደናገረም፣ እንዲያውም እነሱን አማርኛ ብታደርጊያቸው ይብስ ነበር (ወደሱ እመጣለሁ)። እኔ ቋንቋ ነው ያጠናሁት፣ እንጀራዬ ደግሞ መስሪያ ቤቶች ውስጥ የደብዳቤና የሪፖርት አጻጻፍ ማሰልጠን ነው፣ እንዲህ አይነት ኢሜይል በየሳምንቱ ያጋጥመኛል፣ በሽታው ሁሌም ማለት ይቻላል ሁለት ቦታ ነው የሚገኘው፣ ግሱ ላይና ሰዓቱ ላይ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሪ። ኢሜይልሽ ላይ ስሞቹን በሙሉ በእጅሽ ሸፍነሽ ግሶቹን ብቻ አንብቢያቸው። አድርጎ፣ ስላልተደረገ፣ ከመደረጉ፣ ተደርጎ፣ ይደረግ፣ ያደርጋል። ስድስት ግስ አለሽ፣ ስድስቱም "አደረገ" ናቸው። ከስድስቱ ውስጥ ባለቤቱ በስም የተጠራው የአንዱ ብቻ ነው፣ "ፋይናንስ ሪቪው አድርጎ" ያልሽው። ሌላውን ማን ነው የሚያደርገው? አታች የሚያደርገው ስቶር ነው ወይስ እናንተ? ሰብሚት የሚደረገው ለማን ነው? ስቶር ሲያነበው "ፕሮኪዩርመንት ያያይዘዋል" ይላል፣ ፕሮኪዩርመንት "ስቶር ይልካል" ይላል፣ ፋይናንስ ደግሞ እኔ ሪቪው አድርጌያለሁ ብሎ ቁጭ ይላል። ሦስቱም ኢሜይሉን በደንብ አንብበውታል፣ ሦስቱም ሌላው እስኪያደርግ ነው የጠበቁት።

ለምን እንዲህ ይሆናል ብትዪ፣ እንግሊዝኛ ግስ አማርኛ ውስጥ ብቻውን አይገባም። "ሰብሚት" ብለሽ ሰብምቶ፣ ሰብምታ ማለት አትችዪም፣ ስለዚህ "አደረገ" የሚባል አጃቢ ታመጪለታለሽ። ትርጉሙን እንግሊዝኛው ይይዛል፣ ሰውየውን፣ ጾታውን፣ ብዛቱን፣ መቼ እንደሆነና አዎንታ ይሁን አሉታ ደግሞ "አደረገ" ይሸከማል። ካሮል ማየርስ ስኮተን የሚባሉ የቋንቋ ተመራማሪ ናይሮቢ ላይ የስዋሂሊና የእንግሊዝኛ ቅይጥን አጥንተው በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ ያሉት ይሄንኑ ነው፣ ሁለት ቋንቋ ሲቀላቀል ሁለቱ እኩል አይሆኑም፣ አንዱ አጥንቱን ይሰጣል ሌላው ሥጋውን። ያንቺ ኢሜይል አጥንቱ አማርኛ ነው። ያለማጋነን ሙሉ በሙሉ አማርኛ ነው፣ ቃላቱ እንግሊዝኛ ስለሆኑ ነው እንግሊዝኛ የሚመስለው።

እና አማርኛ ደግሞ ይሄን አጥንት የት ነው የሚያስቀምጠው? መጨረሻ ላይ። እንግሊዝኛ "አልጸደቀም" ለማለት "ኖት"ን ከግሱ በፊት ነው የሚያመጣት፣ ገና ሳትደርሺበት ታውቂያለሽ። አማርኛ ግን አሉታውን ግሱ ውስጥ ይደብቀዋል፣ ግሱ ደግሞ የመጨረሻ ነው። ንጹህ አማርኛ ስናነብ ዓይናችን ይሄን ለምዶታል፣ መጨረሻውን ይጠብቃል። ቅይጥ ስናነብ ግን ብዙ ሰው ዓይኑ የሚዘለው እንግሊዝኛዎቹ ላይ ነው፣ ቁም ነገሩ እዛ ያለ ስለሚመስለው። ኢንቮይስ፣ ፋይናንስ፣ ሪቪው፣ አፕሩቭ፣ ፔይመንት፣ ሪሊዝ። ይሄን ብቻ ለቅሞ የሄደ ሰው ምን ተረዳ? ክፍያው ጸድቆ ወጣ! "ስላልተደረገ" የምትለዋ ቃል ውስጥ ያለችው "አል" ናት ሙሉውን ነገር የምትገለብጠው፣ እሷ ደግሞ እንደ ተራ ማያያዣ ታልፋለች። ስልጠና ላይ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አሳይቼ ስክሪኑን ካጠፋሁ በኋላ "ጸድቋል ወይስ አልጸደቀም?" ብዬ ስጠይቅ "ጸድቋል" የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም።

ሌላው የዚህ "አደረገ" ጣጣ ደግሞ ትርጉም ያቀልጣል። "አፕዴት"ን ውሰጂ። "ሺቱን አፕዴት አድርጉት" ካልሽ ፋይሉን አስተካክሉ ማለትሽ ነው፣ "አፕዴት አድርጉኝ" ካልሽ ደግሞ ንገሩኝ ማለት ነው፣ ልዩነቱ አንዲት "ት" እና "ኝ" ናት። አሁን "እስከ ነገ አፕዴት ይደረግ" ብለሽ ጻፊ፣ ሁለቱም ጠፋ። አንዱ ፋይሉን ከፍቶ ቁጥር ይቀይራል፣ ሌላው ደውሎ "እየሄደ ነው" ይልሻል፣ ሁለቱም የታዘዙትን አድርገዋል። "ፎሎው አፕ ይደረግ" ያው ነው፣ ጠይቁ ነው፣ አስታውሱ ነው፣ ሄዳችሁ ቁሙበት ነው? አማርኛው ላይ "ደውላችሁ ጠይቁ" ብትዪ አለቀ።

ይሄ "ይደረግ" ታዲያ ለምን ይወደዳል? እኔ እንደማየው ሰው ስለሚፈራ ነው። አማርኛ ላይ ትዕዛዝ ስትጽፊ መምረጥ ግዴታ ነው፣ ላክ፣ ላኪ፣ ላኩ፣ ይላኩ። ከተቀባዮቹ አንዱ አንቺ የምትዪው ጓደኛሽ፣ አንዱ አንቱ የሚባሉ ትልቅ ሰው፣ አንዱ ደግሞ ወንድ ይሁን ሴት የማታውቂው አዲስ ሠራተኛ ከሆነ "ይደረግ" ትገላግልሻለች። እንግሊዝኛዋ "ፕሊዝ ሰብሚት"ም እንደዛው ናት፣ ማንንም ሳታስቀይም ታልፋለች። ይሄ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን መውጫው ሌላ ነው፣ ሰውን ትተሽ ክፍሉን ጥሪ። "ስቶር ይልካል" ስትዪ አንተም አንቱም አላልሽም፣ ባለቤቱ ግን ታውቋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። "5/3 ባይ 10" ብለሻል። እዚህ ጋ ቆም በይና አስቢበት፣ ቁጥር ቋንቋ የለውም። አንባቢው "10" ሲያይ የአማርኛ 10 ነው የእንግሊዝኛ 10 የሚለውን የሚወስነው ዙሪያውን ባሉት ቃላት ነው። "እስከ" አማርኛ፣ "ባይ" እንግሊዝኛ፣ ቁጥሩ መሃል ላይ ተንጠልጥሏል። በኛ አቆጣጠር ከሆነ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ ስልክሽ ላይ `4:00 PM` የሚለው። "ባይ 10"ን እንደ እንግሊዝኛ ያነበበ ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይለዋል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት የሥራ ቀኑ እንዳለ ነው። ቀኑም እንደዛው፣ 5/3 ኅዳር 5 ነው፣ ማርች 5 ነው፣ ሜይ 3 ነው፣ በሦስቱም ሊነበብ ይችላል።

እኔ ራሴ በዚህ ተቀጥቻለሁ። አንድ መስሪያ ቤት ስልጠና ልሰጥ "ሴሽኑ ቱዝደይ በ3:00 ይጀምራል" ብለው ለሁሉም ኢሜይል ልከው ነበር። እኔ በጠዋቱ 3 ሰዓት ደረስኩ፣ ግማሹ ተሳታፊ እንደኔ በጠዋት መጥቷል፣ ግማሹ ደግሞ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ደብተሩን ይዞ ከች አለ። ሁለቱም ወገን ልክ ነበር። በአንድ ቀን ሁለቴ አሰለጠንኩ፣ ክፍያው ግን የአንድ ነው። ያው ርዕሱ ደግሞ "ግልጽ አጻጻፍ" ነበር።

መፍትሄው ቀላል ነው ግን ሰው ይሰንፋል። ሰዓት ስትጽፊ "ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ" የሚለውን አትተዪ፣ "ሰዓት" የሚለውንም ቃል ጻፊው፣ እና ካሌንደር ላይ የሚታየውን አጠገቡ ጨምሪ። ቀን ስትጽፊ ደግሞ ወሩን በስሙ ጥሪው፣ ከሁሉ በላይ ግን የሳምንቱን ቀን አስገቢ። የወርና የዓመት አቆጣጠራችን ከፈረንጁ ይለያል፣ ሳምንቱ ግን አንድ ነው፣ ዓርብ በሁለቱም ዓርብ ነው። ስለዚህ "ዓርብ ኅዳር 5" ካልሽ አንባቢው ቢሳሳት እንኳን ዓርብዋ ትመልሰዋለች። 2018 ላይ ኅዳር 5 ዓርብ ነው፣ ኖቬምበር 14 2025 ማለት ነው፣ የ2025 ማርች 5 ደግሞ ረቡዕ ነው፣ ስለዚህ የተሳሳተ ሰው ካሌንደሩን ሲከፍት አልገጥም ይለዋል።

"የዚህ ኳርተር" ያልሽውም የዛው ዘመድ ነው፣ አጭር ቃል ናት ግን ሁለት ዓመት ውስጥ ትኖራለች። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ በሱ ከሄድን ኅዳር ሁለተኛው ሩብ ዓመት ውስጥ ነው፣ የሚዘጋውም ታኅሣሥ 30። ከጃንዋሪ የሚቆጥር ድርጅት ጋር ከሆንሽ ግን ያው ኅዳር አራተኛው ኳርተር ነው፣ የሚዘጋውም ዲሴምበር 31 ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 22። የስምንት ቀን ልዩነት አለው፣ "ኳርተሩ ሳይዘጋ" የሚባለው ጣጣ የሚመጣው እዚችው ስምንት ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ወሮቹን ጻፊ።

እስካሁን ስወቅስሽ ነው የቆየሁት፣ አሁን ደግሞ ልከራከርልሽ፣ ምክንያቱም አለቃሽ "በአንዱ ጻፊ" ስትል ንጹህ አማርኛ አድርጊው ማለቷ ከሆነ አልስማማም። "ኢንቮይስ"ን አማርኛ አድርጊው እስቲ። አብዛኛው ሰው "ደረሰኝ" ይላል። ደረሰኝ ግን የተከፈለ ገንዘብ ምስክር ነው፣ ኢንቮይስ ደግሞ ገና ክፈሉኝ የሚል ወረቀት ነው። "የቬንደሩ ደረሰኝ አልጸደቀም" ብትዪ ፋይናንስ ውስጥ ያለ ሰው "ተከፍሏል እንዴ?" ብሎ ይደነግጣል። "የክፍያ መጠየቂያ" የሚል አማርኛ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ቢሮሽ ውስጥ ማንም በዚህ ስም የማይጠራው ከሆነ አንባቢው "ይሄ ደግሞ ሌላ ፎርም ነው?" ይላል። "ዴሊቨሪ ኖት"ም ያው ነው፣ ወረቀቱ ራስጌው ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ከሆነ በተጻፈበት ስም ጥሪው፣ ሰውየው ፋይል ውስጥ ሲያገላብጥ የሚፈልገው ያንን ስም ነው።

እንደውም የወረቀትና የፋይል ስም ከሆነ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዳለ ተዪው፣ ወደኛ ፊደል አትገልብጪው። ከሁለት ወር በኋላ ኢሜይሉን ስትፈልጊ መፈለጊያው ላይ `invoice` ብለሽ ብትጽፊ "ኢንቮይስ" የሚለውን አያመጣልሽም፣ በዛ ላይ አንዱ "ኢንቮይስ" አንዱ "ኢንቮይዝ" ብሎ ጽፎታል።

ስለዚህ እኔ የምከተለው ድንበር ይሄ ነው፣ የዕቃ፣ የወረቀት፣ የሲስተም ስም በሚጠራበት ቋንቋ ይግባ፣ ማን ምን መቼ ያድርግ የሚለው ግን ከነግሱ በአንድ ቋንቋ ይሁን። አጥንቱ አማርኛ ከሆነ ግሱም አማርኛ ይሁን። አየ፣ አጸደቀ፣ አያያዘ፣ ላከ፣ አስገባ፣ ከፈለ፣ እነዚህ ሁሉ ሰው አፍ ላይ ያሉ ናቸው፣ መዝገበ ቃላት አያስከፍቱም። ያንቺው ኢሜይል እንዲህ ይሆናል፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ግን እኔ ገምቼ ስለሆነ አንቺ አስተካክዪው፣ ስሞቹንም እዚህ እንዳንቺው በፊደላችን ነው የገለበጥኳቸው፣ ስትልኪው በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጊያቸው፦

"ሰላም ለሁላችሁ፣

ፋይናንስ የቬንደሩን ኢንቮይስ አይቶታል፣ ግን አላጸደቀውም። ምክንያቱ ዴሊቨሪ ኖት ስላልተያያዘበት ነው።

ስቶር ዴሊቨሪ ኖቱን ስካን አድርጎ እስከ ሐሙስ ኅዳር 4 ለኛ ይላክልን። እኛ ከኢንቮይሱ ጋር አያይዘን ዓርብ ኅዳር 5፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 14፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት (`4:00 PM`) ለፋይናንስ እናስገባለን።

ከዚያ ካለፈ ክፍያው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ሩብ ዓመት ውስጥ አይወጣም።

አመሰግናለሁ።"

እዪው፣ ቬንደር፣ ኢንቮይስ፣ ዴሊቨሪ ኖት፣ ስካን አሁንም አሉ። "ስካን አድርጎ" እንኳን ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ባለቤቱ አጠገቡ ነው፣ ስቶር፣ እና ስካን ሌላ ትርጉም የለውም። "አደረገ" በራሱ ኃጢአት የለበትም ለማለት ነው። "አላጸደቀውም" ደግሞ ብቻዋን፣ አጭር ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ፣ ነጥብ አጠገብ ናት፣ ማንም አይዘላትም። የመጀመሪያው አንድ ዓረፍተ ነገር አሁን አምስት ሆኗል፣ ሲነበብ ግን ያጥራል።

"አዝ ፐር አወር ዲስከሽን"ና "ፕሊዝ ዱ ዘ ኒድፉል"ን ያወጣኋቸው ለሌላ ምክንያት ነው። መረጃ የላቸውም፣ ግን ድምፅ አላቸው። አማርኛ እያወራሽ ድንገት ደረቅ የቢሮ እንግሊዝኛ ስታስገቢ ሰው የሚሰማው ቃሉን ሳይሆን መቀየርሽን ነው፣ የቋንቋ ጥናት ሰዎችም ይሄን መቀየሩ ራሱ መልእክት የሚሆንበት ቅይጥ ብለው ለይተው ያዩታል። "ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ" ብለሽ ጀምረሽ ሁለተኛው መስመር ላይ "አዝ ፐር ማይ ፕሪቪየስ ኢሜይል" ካልሽ አንባቢው ተቆጥታለች ነው የሚለው፣ ባትቆጪም። በተቃራኒው ሙሉ እንግሊዝኛ ኢሜይል መጨረሻ ላይ "እግዜር ይስጥልኝ" የምትል አንዲት መስመር ጣል ብታደርጊ የላይኛውን ሁሉ ታለሰልሰዋለች፣ ይሄ ቅይጥ የሚያምርበት ቦታ ነው፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ሲሲ ላይ አማርኛ የማያነብ ሰው ካለ ግን ይሄ ሁሉ ጨዋታ ይቀራል። አንዱን አንቀጽ አማርኛ አንዱን እንግሊዝኛ አታፈራርቂ፣ ምክንያቱም ግማሹን ብቻ እያነበበ ሙሉውን ያነበበ ይመስለዋል። ወይ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ፣ ወይ ደግሞ ሙሉው ሁለቴ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ሁለቴ ከጻፍሽ ቀንና ሰዓቱን መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን አስተያዪ፣ አንዱን አርመሽ ሌላውን መርሳት በጣም የተለመደ ነው።

አጠገብሽ ለተቀመጠችው ልጅ "ኢንቮይሱን ፎርዋርድ አድርጊልኝ እስቲ" ብለሽ ለምትልኪው አንድ መስመር ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ ካልገባት ዞር ብላ ትጠይቅሻለች። ጣጣው ያለው ከሁለት ክፍል በላይ ሲሄድና ቀን ገደብ ሲኖረው ነው። ከላክሽ በኋላም ማወቂያው መልሶቹ ናቸው፣ "ማን ነው የሚልከው?" ከመጣ ግሱ ነው፣ "በኛ ነው በፈረንጅ?" ከመጣ ሰዓቱ ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ከተባለ ደግሞ ግሱ ነው በይ።

አለቃሽ ጋ ስትገቢ አስተካክለሽ የጻፍሽውን አሳዪያትና በዛው እሷንም "ኳርተር ስትዪ የትኛውን ነው?" በያት። መልሷን ለፋይናንሱ ሰው ስትነግሪው ፊቱን እዪው።